«የለም» እና «አይደለም»፦ ስለ ፈረንሳይኛ ከፋይ መስተአምር

አንድ ፈረንሳይኛ የሚማር ወጣት ገበያ ውሎ የመጣበትን ቀን በአራት ዓረፍተ ነገር ጽፎ እንዳርምለት አመጣልኝ። ሥጋ አለመግዛቱን፣ አንድ ኪሎ ሩዝ መግዛቱን፣ ነጋዴው የሸጠለት ቅቤ ሳይሆን ማርጋሪን መሆኑን፣ ቀኑንም ሙሉ ከውሃ በቀር አለመጠጣቱን ይናገራል። የግሦቹ እርባታ ያለ እንከን ነበር፤ ነገር ግን በአራቱም ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ከስሙ ፊት በሚቆሙት በእነዚያ ጥቃቅን ቃላት፣ «ዱ»፣ «ደ ላ»፣ «ዴ» እና «ደ» በሚባሉት ዘንድ ተሰናክሎ አገኘሁት። ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ ስላልነበረ፣ ይልቁንም ከፊሉ የተማረውን ሕግ አጥብቆ ከመጠበቅ፣ ከፊሉም ከአማርኛው የተወለደ ስለ ነበረ፣ ነገሩን ከሥሩ መመርመር እንደሚገባ አሰብሁ።

ሕጉን በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ እኛ «ዳቦ እበላለሁ» ስንል ዳቦ የሚለው ስም ብቻውን ይቆማል፤ ፈረንሳዊው ግን ስሙን እንዲህ ዕራቁቱን ሊተወው ስለማይወድ «ዠ ማንዥ ዱ ፓን» ይላል። ስሙ በአንስታይ ጾታ ሲሆን «ደ ላ ቪያንድ»፣ በብዙ ቍጥር ሲሆን «ዴ ፖም» ይሆናል። ይህም ከፋይ መስተአምር የምንለው፣ ከጠቅላላው ነገር ጥቂቱን ከፍሎ የሚያሳይ ቃል ነው። ዓረፍተ ነገሩ አሉታ ሲሆን ወይም የመጠን ቃል ሲቀድመው ግን መስተአምሩ ወድቆ «ደ» ብቻ ይቀራል፤ «ዠ ነ ማንዥ ፓ ደ ፓን» ማለት ዳቦ አልበላም፣ «ቦኩ ደ ፓን» ማለትም ብዙ ዳቦ ነው። መጻሕፍተ ሰዋስው ብዙውን ጊዜ እነዚህን እንደ ሁለት ሕግ በሁለት ምዕራፍ ለያይተው ያስቀምጧቸዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ሥሩንም ያየ ሰው ልዩ ልዩ የሚባሉትን አገባቦች በቃል ማጥናት ብዙም አያስፈልገውም።

በጥንታዊው ፈረንሳይኛ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ሰው «ማንዤ ፓን» ይል ነበር፤ ልክ እንደ አማርኛችን ስሙ ያለ መስተአምር ይቆም ነበር ማለት ነው። «ደ» የሚለው መስተዋድድ ከታወቀው ስም ጋር ተጣምሮ ሲገባ ግን ትርጓሜው በግእዝ «እም»፣ በአማርኛም «ከ» እንደምንለው፣ በፊታችን ካለው ከታወቀው ዳቦ ቈርሶ መብላት ነበር፤ ማለትም «ከዳቦው በላ» እንደምንለው ያለ ነው። ይህ «ከዳቦው» የሚለው አነጋገር በኋለኞቹ ክፍላተ ዘመናት ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ፣ የታወቀ ዳቦ ሳይኖር ለማናቸውም ዳቦ ማገልገል ጀመረ፤ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስም በቋንቋው ሥርዓት ሆኖ ጸና። የመጠን ቃላት ግን ከዚህ ለውጥ በፊት ስሙን ዕራቁቱን በ«ደ» ይዘውት ስለ ነበሩ፣ የአባቶቻቸውን ሥርዓት ሳይለቁ ቀሩ። «ቦኩ» ራሱ ሲተነተን «መልካም ምት» ማለት የነበረ፣ ከጊዜ ብዛት ወደ መጠን የዞረ ስም ነውና፣ «ቦኩ ደ ፓን» የሚለው አባባል «የዳቦ ብዛት» እንደ ማለት ነው።

አሉታውስ? ምሥጢሩ ያለው «ፓ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ዛሬ የአሉታ ምልክት ብቻ መስሎ የሚታየው «ፓ» በትውልዱ ስም ነው፤ እርምጃ ማለት ነው። የጥንት ፈረንሳዊ አሉታውን የሚገልጸው «ነ» በሚለው ቃል ብቻ ሲሆን፣ ነገሩን ለማጽናት ሲወድ «አንዲት እርምጃ አልሄድም»፣ «አንዲት ጠብታ አልጠጣም»፣ «አንዲት ፍርፋሪ አልበላም» እያለ ትንሹን መጠን ይጠራ ነበር፤ ጠብታው «ጉት»፣ ፍርፋሪው «ሚ» ይባል ነበር። እኛም ብንሆን «ቅንጣት የለኝም» ስንል ይህንኑ እናደርጋለን። ስለዚህ «ፓ ደ ፓን» ያለ ሰው በጥንቱ አገባብ የዳቦን እጅግ ትንሽ መጠን ጠርቶ እርሱኑ መካዱ ነበር፤ አሉታውም ራሱ የመጠን ቃል ሆኖ ስሙን በ«ደ» አስከተለ።

ከዚህ ላይ የወጣቱ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። «ቅቤ አይደለም» ለማለት «ሰ ኔ ፓ ደ ቦር» ብሎ ጻፈ፤ አሉታ ሲመጣ «ዱ» ይወድቃል የሚለውን ሕግ መጠበቁ ነበር። ትክክሉ ግን «ሰ ኔ ፓ ዱ ቦር፣ ሴ ደ ላ ማርጋሪን» ነው። የዚህን ምክንያት የአማርኛ ተናጋሪ ከማንም በተሻለ ሊያስተውለው ይችላል፤ እኛ «ቅቤ የለም» እና «ቅቤ አይደለም» የምንላቸውን ሁለት አሉታዎች ለይተን እንናገራለንና። «የለም» የነገሩን መኖር፣ መጠኑንም ጭምር ይክዳል፤ «አይደለም» ግን በፊታችን ያለውን ነገር ማንነት እንጂ መኖሩን አይክድም፤ ነጋዴው የሸጠው ነገር አለ፣ ስሙ ብቻ ሌላ ነው። የማይካድ መጠን ስላለ መስተአምሩ አይወድቅም። ይህ መለያ ለማሰሪያ ግሥ ብቻ አይደለም፤ ፈረንሳዊ «ዠ ኔ ፓ ደ ላርዣን ፑር ለ ዠቴ» ቢል፣ በአማርኛ «ገንዘብ ያለኝ ልበትነው አይደለም» ማለቱ ነው፤ ገንዘቡ አለ፣ የተካደው ምክንያቱ ነው። «ገንዘብ የለኝም» ቢል ኖሮ «ዠ ኔ ፓ ዳርዣን» ይል ነበር። እንግዲህ ተማሪው የሚያስበውን በአማርኛ አስቀድሞ ይናገረው፤ አሉታው በራሱ በግሡ ላይ ከወደቀ፣ «አልገዛሁም» «የለኝም» ካለ፣ «ደ» ይበለው፤ «የገዛሁት… አይደለም» ብሎ ከፈታው ግን «ዱ»ን ወይም «ደ ላ»ን ይያዝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ ሥጋ አልገዛሁም የሚለው፣ «ዠ ኔ ፓ አሽቴ ደ ቪያንድ» መሆን ሲገባው ወጣቱ «ደ ላ ቪያንድ» ብሎት ነበር። «ሥጋውን አልገዛሁም» ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የታወቀው «ላ ቪያንድ» በአሉታ አይነካም።

በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የተታለለው በአማርኛው ነው፤ «አንድ ኪሎ ሩዝ» ስንል በመካከል ምንም ቃል ስለማንጨምር «አን ኪሎ ሪ» ብሎ ጻፈ፤ «አን ኪሎ ደ ሪ» መሆን ነበረበት። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ተሳስተው «ቦኩ ዱ ሪ» ይላሉ። ይህ ቃል በአንድ ስፍራ ላይ ግን ትክክል ይሆናል፤ «ካመጣኸው ሩዝ ብዙውን» ለማለት «ቦኩ ዱ ሪ ከ ቱ አ አፖርቴ» ይባላል፤ የታወቀው ሩዝ ተመልሶ መጥቷልና ጥንታዊው «ከዳቦው» ዳግመኛ ሕያው ይሆናል። አማርኛው «ከ» እና «ው» ሲል ፈረንሳይኛው ሙሉውን «ዱ» ይፈልጋል።

አራተኛው ዓረፍተ ነገር ለመለያዬ ወሰን ያበጅለታል። «ከውሃ በቀር አልጠጣሁም» በአማርኛ አሉታው በግሡ ላይ ነው፤ በመለያዬም መሠረት «ደ» የሚገባው ይመስላል፤ ወጣቱም «ዠ ኔ ቡ ከ ዶ» ብሎ ነበር። ፈረንሳይኛው ግን «ዠ ኔ ቡ ከ ደ ሎ» ይላል፤ «ነ» ቢኖርም «ፓ» የለም፤ ሐሳቡም ውሃ ብቻ ጠጣሁ የሚል አዎንታ ነው፤ የተጠጣ ውሃ ስላለ የሚካድ መጠን የለም። ወጣቱን ዓረፍተ ነገሩን «ውሃ ብቻ ጠጣሁ» ብሎ በአማርኛ እንዲያዞረው አዘዝሁት፤ ካዞረውም በኋላ «ደ ሎ»ን ራሱ ጽፎ አረመው።