የሐሰትን ሹክሹክታ ከኋላ ወንበር መስማት

በክፍል ውስጥ ተረት ሲተወን አብዛኛው ተመልካች የሚያደንቀው ሳይደናቀፍ ያለቀውን ነው። ልጆቹ ቃሉን አልረሱም፣ ልብሱ አምሮባቸዋል፣ ጭብጨባው ደምቋል፤ በቃ፣ ጥሩ ሥራ ተባለ። ዓላማው ተማሪዎች ደፍረው እንዲናገሩ ማድረግ ከሆነ ግን ይህ መለኪያ ያሳስታል። ልጁ የሸመደደውን ሳይረሳ መጨረሱ የሚያሳየው የማስታወስ ችሎታውን ነው። ነገ በራሱ ቃል ሐሳቡን ያስረዳ እንደሆነ ከዚያ አይታወቅም።

ስለ ሐቀኝነት ከሚነገሩ ተረቶቻችን ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው የእሳትን፣ የውሃን፣ የእውነትንና የሐሰትን ተረት ነው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥም ገብቷል። አራቱ አብረው ሲጓዙ ብዙ ከብት ያገኙና እኩል ሊካፈሉ ይስማማሉ። ሐሰት ግን ሁሉንም ለብቻው ፈለገ። ወደ ውሃ ጠጋ ብሎ እሳት ሣሩንም ከብቱንም ሊፈጀው ነው ይለዋል፤ ውሃም እሳትን ያጠፋዋል። ከዚያ ወደ እውነት ይሄድና ውሃ ጓደኛችንን ገደለ፣ ከብቱን ይዘን ተራራ እንውጣ ይላታል። ውሃ ሊከተላቸው ቢሞክርም ዳገት አይወጣምና ቁልቁል ፈሰሰ። ተራራው ላይ ሲደርሱ ሐሰት ጌታሽ እኔ ነኝ ይላታል። እምቢ አለችው። ተጣሉ፤ ዳኝነቱንም ለነፋስ ሰጡት። ነፋስም እውነት ታሸንፋለች፣ ሐሰት ግን ተመልሶ ይመጣልና ስትታገለው ትኖራለች ብሎ ፈረደ።

ተረቱን ለንግግር ልምምድ ምቹ ያደረገው የሐሰት ጠባይ ነው። ለውሃ ሲያወራ ተቆርቋሪ ይመስላል፣ ለእውነት ሲያወራ ያዘነ ይመስላል፣ ተራራው ላይ ደግሞ ያዛል። አንድ ልጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ በሦስት ዓይነት ድምፅ ሦስት ዓይነት ነገር ይናገራል ማለት ነው። ስለዚህ የሥራውን ጥራት ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ጆሮውን የሚጥለው ሹክሹክታው ላይ ይሁን።

ከኋላ ወንበር ይቀመጡና ያዳምጡ። ደካማ ሥራ ላይ ሐሰት ሹክ የሚለው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ማንም አይሰማውም፣ ወይ እንደ መዝሙር በአንድ ዜማ ይጮኸዋል። «ውሃ ሆይ፣ እሳት ክፉ ነው፣ ሁላችንንም ያጠፋናል፣ ስለዚህ አጥፋው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳይወሰድ ከወጣ ልጁ እያነበነበ ነው። ጥሩ ሥራ ላይ የምንሰማው እንዲህ ያለ ነው፦ «ስማ እንጂ ወንድሜ... ትናንት ማታ እሳት ሣሩን እንዴት እንዳየው አላየህም?» ልጁ ይጠይቃል፣ ቆም ይላል፣ የውሃን ፊት ይመለከታል። ድምፁ ዝቅ ያለ ቢሆንም ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዘንበል አድርጎ ቃላቱን ስለሚለያይ ኋላ ድረስ ይሰማል። ድፍረት የተማረ ልጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጩኸት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምልክት ነገሩ ሲበላሽ የሚታየው ነው። ለምሳሌ ውሃ የሆነችው ልጅ ዳገቱን ልትወጣ ስትሞክር የምትለው ጠፋት እንበል። ዓይኗ ወዴት ሄደ? ወደ መምህሯ ከሆነ፣ መምህሯም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቃሉን ካቀበሏት፣ ተረቱ የልጆቹ አልሆነም። ዓይኗ ወደ እውነት ከሄደና እውነት «ምነው፣ እግርሽ ከዳሽ?» ብላ ከረዳቻት፣ እሷም «ዳገቱ አቃተኝ፣ ወደ ታች ይጎትተኛል» ካለች፣ ከሙሉው ትዕይንት የበለጠ ያየሁት ይህን ነው እላለሁ። ሁለቱም ልጆች የታሪኩን አካሄድ ያውቁታል፤ ቃሉን ግን እዚያው ያበጁታል።

ይህ በአጋጣሚ አይመጣም፤ ከዝግጅቱ ነው። ጥሩ መምህር የተጻፈ ድርሰት ለልጆቹ አያድልም። ተረቱን በቃሉ ሁለት ጊዜ ይነግራቸዋል፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው መልሰው እንዲተርኩ ያደርጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሚና የሚያከፋፍለው። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ስምንት ስምንት እየሆኑ ቢቧደኑ ሰባት ወይም ስምንት ቡድን ይወጣል፤ አራቱ ባለታሪኮቹን፣ ቀሪዎቹ ነፋስን ይሆናሉ። ሁሉም ቡድን በአንድ ጊዜ ይለማመዳል፣ ፊት ወጥቶ የሚያሳየው ግን በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁለት ቡድን ቢሆን ይበቃል። መምህሩ አምስት ጎበዞችን መርጦ 55ቱን ተመልካች ካደረገ፣ ትዕይንቱ የቱንም ያህል ቢያምር የመናገር ትምህርቱን ያገኙት ድሮም የሚናገሩት ናቸው።

ነፋስን በቡድን ማድረጉ ለዓይን አፋሮች መግቢያ በር ነው። መጀመሪያ አብረው «እፍ... ሹ...» እያሉ ይነፍሳሉ፣ ቀጥሎ «እውነት ታሸንፋለች» የሚለውን ሁለት ሁለት ሆነው ይላሉ፣ በመጨረሻ «ሐሰት ግን ተመልሶ ይመጣል» የሚለውን አንድ ልጅ ብቻውን ይለዋል። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚላት ልጅ ማን እንደሆነ መምህሩን ይጠይቁ። በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ከሆነ መምህሩ ሥራውን ያውቃል። የአፍ መፍቻ ቋንቋው አማርኛ ላልሆነ ልጅም ይህ ቦታ ይመቸዋል፤ በትወናው መሐል አነጋገሩን የሚያርም ሰው ግን ያሸማቅቀዋል። እርማቱ ሌላ ቀን ይድረስ።

ትወናው ሲያልቅ ብዙ መምህራን «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ይላሉ፣ ክፍሉም በአንድ ድምፅ «ውሸት መጥፎ ነው!» ይላል። ይህ መልስ ልጆቹ ተረቱን ሳይሰሙም የሚሉት ነው። ከዚህ ይልቅ ሐሰትን እንደ ለበሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ክፍሉ እንዲጠይቀው ማድረግ ይሻላል። «ውሃን ለምን አታለልከው?» «ከብቱ እኩል ቢካፈል ምን ይጎድልብህ ነበር?» እዚህ ላይ የተዘጋጀ መልስ የለም። ልጁ አስቦ ይመልሳል፣ ጠያቂዎቹም ጥያቄውን ራሳቸው ያበጁታል። ውሃንም አስቀምጦ «ሳታጣራ ለምን አመንክ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ ሐቀኝነት ከዚህ የጠለቀ ወሬ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ነው። ጥያቄና መልሱን የዘለለ ሥራ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በክፍሉ ውስጥ በውሸት ወይም በስርቆት ስሙ የተነሳ ልጅ ካለ የሐሰትን ሚና ለእሱ መስጠት አይገባም። ልጆች ሚናውን ከሰውየው ጋር ያያይዙታል፣ በእረፍት ሰዓትም በዚያ ስም ይጠሩታል። ሚናው በየልምምዱ ቢዘዋወር ይህ ይቀራል።

ጭብጨባው ያለቀ ዕለት ፍርድ አይስጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሳይንስ ወይም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይግቡና ነፋስ የነበረችው ልጅ እጇን ታወጣ እንደሆነ ይዩ። በትምህርት ቤት ውድድር ዳኛ ሆነው ከተቀመጡም ለአልባሳቱና ለጌጡ ከ10 ከአንድ በላይ አይስጡ፤ ብዙውን ነጥብ ልጆቹ በራሳቸው ቃል ለተናገሩትና ከኋላ ወንበር ለተሰማው ያቆዩት።