ስም እየጠሩ ማለፍ ክለሳ አይደለም

የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን በሚከላከሉበት ሰሞን አንድ ምስጋና ከአዳራሽ አዳራሽ ይዞራል፦ «ክለሳ ድርሳናቱ ሰፊ ነው፤ ብዙ ምንጭ ጠቅሷል»። ተማሪው ደስ ይለዋል፣ አማካሪው አንገቱን ይነቀንቃል። ምዕራፍ ሁለትን አንቀጽ በአንቀጽ ላነበበ ሰው ግን የተመሰገነው ነገር ከእድር የስም ጥሪ አይለይም። እገሌ እንዲህ አለ፤ እገሊትም እንዲህ አለች፤ ሌላው ደግሞ እንዲህ አገኘ። ማን ከማን ጋር እንደተስማማ፣ ማን ማንን እንዳረመ የሚነገር ነገር የለም።

ምንጩ የታመነ ይሁን፣ አጠቃቀሱ ይስተካከል፣ የሰው ጽሑፍ አይገልበጥ። ይህን የማይናገር አማካሪ የለምና እዚህ ላይ ቀለም ማባከን አያስፈልግም። ደካማ ክለሳን አሳልፎ የሚሰጠው ምልክት ሌላ ነው፤ የአንቀጹ የመጀመሪያ ቃል ነው። አንቀጾቹ ተራ በተራ በደራሲ ስምና በዓመተ ምሕረት ከተከፈቱ ሥራው ገና አልተጀመረም።

ምሳሌው ከጓሳ ይምጣ። በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትርን አልፎ የተዘረጋው ይህ የሣር ምድር ማኅበረሰቡ ራሱ የሚጠብቀው ነው፤ እንግዳ የሚያርፍበት የማኅበረሰብ ሎጅም አለው። አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ እንዲህ ያለ ድርጅት እንዲጸና የሚያደርገው ገቢው ነው ወይስ የአስተዳደር ሥርዓቱ? ጥሩ የቢዝነስ ጥያቄ ነው። የተለመደው ምዕራፍ ሁለት ግን ይህን መስሎ ይወጣል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፦

«ሃርዲን (1968) የጋራ ሀብት ለውድመት የተዳረገ ነው ይላል። ኦስትሮም (1990) ማኅበረሰቦች የጋራ ሀብትን ማስተዳደር እንደሚችሉ ታስረዳለች። ዘለዓለም ተፈራና ሊደር-ዊሊያምስ (2005) የጓሳን ባህላዊ አስተዳደር አጥንተዋል። ሚቸልና ሙኮስኪ (2008) ስለ ማኅበረሰብ ቱሪዝም ጽፈዋል።»

አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው። ችግሩ ቦታ ቢለዋወጡ ምንም አለመጉደሉ ነው። አራተኛው አንደኛ ቢሆን፣ ሁለተኛው ቢወጣ፣ አንባቢው አያውቅም። ክለሳን መመዘኛው ይኸው ነው፤ ሲቀያየር የማይፈርስ ክለሳ አልተገነባም።

በአዲስ አበባ አንድ አንጋፋ አማካሪ ነበሩ፤ ይህን በቃል አይናገሩም፣ በመቀስ ያሳዩ ነበር። የተማሪውን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አስደርገው አንቀጾቹን ይቆራርጡና ጠረጴዛ ላይ በትነው «በል፣ እንደነበረው መልስልኝ» ይሉታል። የራሱን ጽሑፍ ቅደም ተከተል መመለስ ያቃተው ተማሪ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። እርሳቸው ራሳቸው ሲያነቡ በካርድ ይጽፉ ነበር፤ ከካርዱ ራስ ላይ የሚከራክረው ሐሳብ በትልቁ፣ የደራሲው ስም ከግርጌ በትንሹ። ካርዶቹ የሚደረደሩት በሐሳብ ስለነበር አንድ ደራሲ አምስት ቦታ ተበትኖ ይገኛል።

ይህን ልማድ በሠንጠረዥ መልክ ያስፋፉት ዌብስተርና ዋትሰን ናቸው፤ በ2002 ኤምአይኤስ ኳርተርሊ በተባለው መጽሔት። ጽሑፎቹ ወደ ታች፣ ሐሳቦቹ ወደ ጎን ይደረደራሉ። ለጓሳው ጥያቄ ሦስት ዓምዶች ይበቃሉ፦ ባለመብቱ ማን ነው? ደንብ አፍራሽን ማን ይቀጣል? ገቢ ከየት ይመጣል? ተማሪው እያንዳንዱን ጽሑፍ በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመረምር ሳጥኖቹ መናገር ይጀምራሉ።

በመጀመሪያው ዓምድ ሃርዲንና ኦስትሮም የሚጣሉ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ያየ ግን ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ እንዳልሆነ ያገኛል። የሃርዲን ግጦሽ ባለቤትም ደንብም የለውም። ኦስትሮም ያጠናቻቸው የስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሾችና የስፔን የመስኖ ማኅበራት ግን ባለመብታቸው የታወቀ፣ ወሰናቸው የተለየ ነው። ሃርዲንም ቢሆን በ1994 ባወጣው ጽሑፍ የሚጠፋው አስተዳዳሪ የሌለው የጋራ ሀብት እንደሆነ አስተካክሏል። የ1968ቱን ጠቅሶ የ1994ቱን የተወ ተማሪ ጠቡ እንዴት እንደተፈታ ሳያይ አልፏል።

ጓሳ የሚገባው እዚህ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት የመጠቀም መብት የሚቆጠረው አስቦና ጌራ ከተባሉ ቀደምት አባቶች በሚወርድ ትውልድ ነበር። በሕዝብ የተመረጠ አባ ቄራ ይመራው፣ ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ፣ ደንብ አፍራሽም ይቀጣ ነበር። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ መብቱን ከትውልድ ሐረግ ሲያላቅቀው ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ ነዋሪው ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አደራጀ። ሣሩ ያው፣ ደጋው ያው፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። ሁለቱን የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ለማገናዘብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በቅርብ አይገኝም።

አሁን አንቀጹ እንደ አዲስ ሊጻፍ ይችላል፦

«የጋራ ሀብት የሚጠፋው የጋራ ስለሆነ ሳይሆን ባለመብቱና ቀጪው ሳይታወቅ ሲቀር ነው (ኦስትሮም፣ 1990፤ ሃርዲን፣ 1994)። የጓሳ ታሪክ ይህን ይደግፋል፤ መብትን ከትውልድ ሐረግ ጋር ያስተሳሰረው ቄሮ በአዋጅ ሲፈርስ ጥበቃው ላልቷል (ዘለዓለምና ሊደር-ዊሊያምስ፣ 2005)። ሆኖም እነዚህ ጥናቶች ያተኮሩት በሣር፣ በግጦሽና በውኃ ላይ ነው። የማኅበረሰብ ቱሪዝምን የገመገሙት ሚቸልና ሙኮስኪ (2008) ለብዙ ድርጅቶች መክሰም ደካማ አስተዳደርን ብቻ ሳይሆን ከገበያ መራቅንም ተጠያቂ ያደርጋሉ። ስለዚህ ለሣር የበቃ ሥርዓት ለአልጋ ይበቃ እንደሆነ ገና አልተመለሰም።»

ምንጮቹ ያው ናቸው፣ ሃርዲን ብቻ በታረመው ሥራው ገብቷል። ስሞቹ ወደ ቅንፍ ሲገቡ የዓረፍተ ነገሩን መነሻ ሐሳቡ ያዘው። «ሆኖም» እና «ስለዚህ» ያለ ቦታቸው አልገቡም፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ማንሳት ቀጣዩን ይጥላል። የጥናቱ ክፍተትም «በዚህ ርዕስ ብዙ አልተጻፈም» በሚል ባዶ ቃል ሳይሆን ከሁለት የምርምር ዘርፎች መገጣጠሚያ ላይ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ማዋሃድ የሚወድ ተማሪ የማይገናኙትንም ያጋባል። ሚቸልና ሙኮስኪ የሚናገሩት ስለ ላቲን አሜሪካ ነው፤ በዚያ አካባቢ ብዙዎቹ ማረፊያዎች አልጋቸው የሚያዘው 5 በመቶ ያህል እንደሆነ ያሳየ ጥናት ይጠቅሳሉ። ይህን ቁጥር አንስቶ የጓሳ ሎጅም እንዲሁ ነው ማለት ስህተት ነው። የተወሰደው ምክንያቱ እንጂ ቁጥሩ አይደለም፤ ከየት አገርና በምን ዘዴ እንደተገኘ የሚገልጽ ዓምድ በሠንጠረዡ ላይ መጨመር ያለበትም ለዚህ ነው።

ፈታኞች የምንጭ ብዛት መቁጠሩን ይተዉ። የምዕራፍ ሁለትን አንቀጾች የመጀመሪያ ቃል ብቻ እያነበቡ ይውረዱ፤ ስም ከስም ላይ ከተደረደረ፣ ገጹ ስልሳም ቢሆን፣ ጽሑፉን ለተማሪው ይመልሱለት።