የሳቢያኗ ቃለ ጉባኤ ያዥ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የመምህራንን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ መምህርት አለች። ማስታወሻዋን ያየ ሰው ከዚህ ምን ሊወጣ ነው ማለቱ አይቀርም፦ የደብተር ቅዳጆች፣ የፈተና ወረቀት ጀርባ፣ ወዲህና ወዲያ የሚጓዙ ቀስቶች። ድሬዳዋ ነውና አንዱ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ይጨርሳል፤ እሷም እንደሰማችው ትጫጭረዋለች።

ስብሰባው እንዳለቀ መጀመሪያ የምታደርገው ቅዳጆቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ በእያንዳንዱ ሐሳብ ጎን የአጀንዳ ቁጥር መጻፍ ነው። ሰው የሚናገረው በአጀንዳ ተራ አይደለም። ለምሳሌ በአንድ ስብሰባ ስለ ፈተና ዝግጅት የተባለው ሦስት ቦታ ተበትኖ ነበር። መጀመሪያ ላይ «ወረቀት አልቋል፣ ቀለምም»፤ ስለ ማርፈድ በተነሳው ክርክር መካከል «ሰኞ ከሆነ መቼ ይባዛል?»፤ ሰው ሊነሳ ሲል ደግሞ «ግዢ ኮሚቴ – ዓርብ?» ይላል። ሦስቱም 2 ቁጥር ተሰጣቸውና በንጹሑ ገጽ ላይ እንዲህ ሆኑ፦

አጀንዳ 2፦ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ዝግጅት
2.1 የማባዣ ወረቀትና ቀለም ማለቁ ተገልጿል።
2.2 ፈተናው ሰኞ ስለሚጀመር ከዚያ በፊት ተባዝቶ እንዲያልቅ ሐሳብ ቀርቧል።
2.3 ውሳኔ፦ ግዢ ኮሚቴው ወረቀትና ቀለም ገዝቶ እንዲያቀርብ ተወስኗል። የማቅረቢያው ቀን አልተቆረጠም።

እጅዋ የሚደነቀው በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው። «ዓርብ» ብላ ብትዘጋው ማንም አይጠይቃትም ነበር። እሷ ግን የጥያቄ ምልክቱን አልዘለለችውም፤ ሰብሳቢውንም የኮሚቴውን አባልም ጠየቀች። አንዱ ዓርብ ተባለ አለ፣ ሌላው ማንም አልተስማማበትም አለ። ስለዚህ ያልተቆረጠውን አልተቆረጠም ብላ ጻፈች። 2.2ንም እንዲሁ ከውሳኔ አልቀላቀለችውም፤ አንድ ሰው ሐሳብ ሰጠ እንጂ ቤቱ አልወሰነበትም።

የቀረውም በወጉ ተሠርቷል። ከላይ ቀን፣ ቦታ፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ የተገኙ፣ በፈቃድ የቀሩና ያለፈቃድ የቀሩ ለየብቻ ተዘርዝረዋል። በውይይቱ የተናጋሪ ስም የለም፤ ስም የሚገባው ሥራ ለተሰጠው ሰው ወይም የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብልኝ ላለ ብቻ ነው። የተሳሳተ ቃል በአንድ መስመር ተሰርዞ አጠገቡ ተፈርሞበታል፣ አልተፋቀም። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በታች የቀረው ባዶ ቦታም ኋላ ሌላ ነገር እንዳይጨመርበት በሰያፍ መስመር ተዘግቷል።

ርእሰ መምህሩ ሊፈርም ሲያነብ 2.3 ላይ ቆመ። ቃለ ጉባኤውን እንዳለ ፈረመና ለግዢ ኮሚቴው በዚያው ቀን የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፈ፦ «በተራ ቁጥር 2.3 የተወሰነው እስከ ሐሙስ ይፈጸም።» ቁጥሩ ባይኖር ደብዳቤው ጉዳዩን እንደገና ሊተርክ ነበር፤ ክፍተቱም ባይጻፍ ደብዳቤው ራሱ ባልተጻፈ።