ጾታ የሌለው ሰዋስው፦ ከአሶሳ ዙሪያ ቋንቋዎች አንጻር

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ነባር አገር ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። አሶሳ ቢሮ ውስጥ አማርኛ የሚናገር የበርታ ተወላጅ አፍ በፈታበት ቋንቋ የማይጠየቀውን ጥያቄ ይጋፈጣል። የመጣው ሰው «መጣ» ይባል ወይስ «መጣች»? በርታ ለእሱም ለእሷም አንድ ተውላጠ ስም ይበቃዋል።

ይህ ሲባል በርታ ወንድን ከሴት አይለይም ማለት አይደለም። «ላም» እና «በሬ» የሚሉ ሁለት ቃላት መኖራቸው ብቻውን አንድን ቋንቋ ሰዋስዋዊ ጾታ አለው አያሰኘውም። አሜሪካዊው ቻርልስ ሆኬት በ1958 እንዳስቀመጠው ጾታ የሚታወቀው ከስሙ ሳይሆን በዙሪያው ካሉ ቃላት ጠባይ ነው። «ያቺ ላም ጠፋች» ስንል ጠቋሚውም ግሡም ለላሟ ተገዝተዋል። መፈተኛው ይኸው ስምምነት ነው፤ ስምምነት ከሌለ ጾታ የለም።

የአማርኛ ስሞች የሚመደቡበት መንገድ ግን የትምህርት ቤት ሰዋስው ከሚነግረን ይበልጥ ልል ነው። ሴት የሆነ ፍጡር አንስታይ ይሆናል፤ የቀረው ሁሉ በመሠረቱ ተባዕታይ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ መኪናና አገርን የመሳሰሉ ጥቂቶች ወደ አንስታይ ያደላሉ፤ ጾታዋን ማንም ያላጣራላት አይጥም እንዲሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ ተናጋሪው እንደ ስሜቱ ያዛውራቸዋል። ያው ቤት ትንሽ ወይም የተወደደ ሲሆን «ይቺ ቤት» ይባላል፤ ተንኮል የጠረጠረም «ይቺ ናት ጨዋታ!» ይላል። በብዙ ቁጥር ልዩነቱ ይጠፋል፤ «መጡ» ሁለቱንም ይይዛል። አክብሮትም ያጠፋዋል፤ «እርስዎ» እና «እሳቸው» ጾታ የላቸውም። አሶሳ ያለው የበርታ ተናጋሪ የሚቸገረው እንግዲህ በእኩያውና በታናሹ ላይ እንጂ በሚያከብረው ሰው ላይ አይደለም።

ጾታን ከዘር ሐረግ ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ ሴማዊ፣ ኩሻዊና ኦሞአዊ ቋንቋዎች አላቸው፣ ናይሎ ሰሃራዊዎቹ የላቸውም ይባላል። የክልሉ ቋንቋዎች ግን ይህን ያፈርሱታል። ሽናሻ ኦሞአዊ ነው፤ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ወንድና ሴት ይለያል። የባምባሲ ማኦም በብዙዎች ዘንድ ኦሞአዊ ተብሎ ይመደባል። ማይክል አህላንድ በ2012 ለኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ሰዋስው እንደምናየው ግን ማኦ በተውላጠ ስሙ ነጠላን፣ ሁለትን እና ብዙን እየለየ ለእሱና ለእሷ አንድ ቃል ብቻ አለው። የቁጥር ልዩነቱ እንዲህ የበለጸገ ቋንቋ ጾታ አጥቷልና ማጣቱን ከድህነት ሊቆጥርበት የሚችል የለም።

ኮሞና ኡዱክ ደግሞ ከናይሎ ሰሃራዊዎቹ ጋር የሚቆጠር የአንድ ቤተሰብ፣ የኮማን፣ ልጆች ናቸው። ኮሞ እሱንና እሷን ይለያል። ከድንበሩ ማዶ ከሱዳን ብሉ ናይል የመጣው ኡዱክ ግን እሱንና እሷን በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራል። ሆኖም ስሞቹ ሁለት ምድብ አላቸው፤ ምድቡም አጠገባቸው በሚቆሙ የሙያና የአያያዥ ምልክቶች ላይ ይታያል። ዶን ኪሊያን ለሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ባቀረበው ጥናት መሠረት አመዳደቡ በአብዛኛው ትርጉም አይከተልም፤ ወንድነትም ሴትነትም፣ ነፍስ መኖርም አይወስነውም። ልጅ የየስሙን ምድብ ከስሙ ጋር ይለምዳል። ግሬቪል ኮርቤት በ1991 መጽሐፉ ማንኛውም የጾታ ሥርዓት የትርጉም እምብርት አለው ብሎ ነበር። በእኔ ግምት ለዚህ ሐሳብ ከኡዱክ የሚከብድ ፈተና በአካባቢያችን የለም።

ጉሙዝ በተቃራኒው ጾታ ሳይኖረው ነገሮችን ይመድባል። ግሡ እንደ ራስና ዓይን ያሉ የአካል ክፍል ስሞችን ወደ ውስጡ ያስገባል፤ ኮሊን አህላንድ እንዳሳየችው ከእነዚህ አንዳንዶቹ ድርጊቱ የነካውን ነገር ዓይነት ወደማመልከት ተሸጋግረዋል። ምድቡ ግን በግሡ ላይ ይቀራል፤ ጠቋሚውና ቅጽሉ አይከተሉትም። ስለዚህ ጾታ አንለውም።

ታዲያ አንዳንዱ ቋንቋ ለምን የለውም? ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1978 ያቀረበው መንገድ እንዲህ ነው፦ አስቀድሞ የተለያየ ጠቋሚ ይኖራል፤ ጠቋሚው እየሳሳ ወደ ስሙ አባሪነት ይወርዳል፤ በመጨረሻም በየቃሉ የሚደጋገም ግዴታ ይሆናል። መንገዱ ረጅም ነው፤ መጀመሪያው ላይ የተለያየ ጠቋሚ ከሌለ አይጀመርም። መልሶ ለማፍረስ ግን የቃል መጨረሻ ድምፆች መድከማቸው ሊበቃ ይችላል፤ እንግሊዝኛና ፋርስኛ በስሞቻቸው ላይ የነበረውን ጾታ ያጡ ናቸው። ኮርቤት በዓለም ቋንቋዎች አትላስ ከመረጣቸው 257 ቋንቋዎች 145ቱ ጾታ የላቸውም። ስለዚህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው መኖሩ እንጂ አለመኖሩ አይመስለኝም። የሴቶች ማኅበራዊ ቦታ ያመጣዋል የሚለው ሐሳብም በአንድ ገበያ የሚገናኙትን ኮሞንና ማኦን ሊያስረዳን አይችልም።

በርታና ጉሙዝ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ። የሰዋስው መጻሕፍታቸውን የምታዘጋጁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከአማርኛው መጽሐፍ «ተባዕታይና አንስታይ» የሚለውን ምዕራፍ አትቅዱ፤ በጉሙዙ መጽሐፍ በቦታው የጉሙዝን ግስ አስገቡበት።