«ባዶ እጅህን አትሂድ»፦ የስጦታ ማስታወቂያ አማርኛ

የበዓል ሰሞን የቴሌግራም የሱቅ ቻናሎችን ከፍታችሁ ወደ ታች ብትወርዱ፣ ዕቃው ቢለያይም አማርኛው አንድ ነው። ጀበናም ይሁን ሽቶ፣ ጋቢም ይሁን የግድግዳ ሰዓት፣ ጽሑፉ ስለ ዕቃው ሁለት ቃል ይልና ስለ እናንተ ማውራት ይጀምራል። እናታችሁን ምን ያህል እንደምትወዱ ይጠይቃል፤ ሰርግ ላይ በምን ዓይን እንደምትታዩ ያስታውሳል። ይህን ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይገባል፤ ምክንያቱም ከብዙ መጽሐፍ በላይ የሚነበብ አማርኛ ነው።

የማንንም ሱቅ ስም ላለማንሳት፣ የለመድናቸውን አባባሎች አሰባስቤ አንድ ናሙና ራሴ አቀናብሬያለሁ፦

«ለእናትህ ፍቅርህን የምታሳይበት ጊዜ አሁን ነው! ለፋሲካ ባዶ እጅህን አትሂድ! ለሰርግ፣ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለገና፣ ለሁሉም የሚሆን ምርጥ ጋቢ! 3 ብቻ ቀርቷል! ዋጋ በውስጥ መስመር።»

እዚህ ውስጥ ስለ ጋቢው የተነገረን «ምርጥ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ ገዢው ላይ የተጫነ ነው።

መጀመሪያ ግሱን እንይ። አማርኛ ትእዛዝ ሲሰጥ ማንን እንደሚያዝ መምረጥ አለበት፤ «አትሂድ»፣ «አትሂጂ»፣ «አይሂዱ»። ስለዚህ ትእዛዙ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ ጣት ይቀስራል። «ባዶ እጅህን» ሲባል ደግሞ የሚነካው ፍቅር ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሰውዬው የሚገዛው እናቱ ጋቢ ስለሚያስፈልጋት መሆኑ ቀርቶ፣ በር ላይ ሲደርስ እንዳያፍር ይሆናል። በዚያ ላይ ጽሑፉ አንባቢውን አያውቀውም። እናቱ ባለፈው ዓመት ያረፈችበት ሰው፣ ዘንድሮ ሥራ ያጣ ሰው፣ ፋሲካን የማያከብር ሰው እኩል ያነበዋል።

ቀጥሎ የአጋጣሚዎቹ ዝርዝር። አራት አጋጣሚ በአንድ መስመር ሲደረደር ለየትኛውም የሚሆን ነገር አልተነገረም። ጥሩ የስጦታ ጽሑፍ አጋጣሚውን ከዕቃው ውስጥ ነው የሚያወጣው። ጋቢ በአራት የተደረበ ጥጥ ነው፤ ከነጠላ የሚለየው በዚህ ነው። ስለሚሞቅ ለክረምትና ለአዛውንት ይሆናል። በመልስ ቀን ሙሽሮች ወላጆቻቸውን ጋቢ ማልበሳቸውም በብዙ ቤት የታወቀ ነው። እነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች ከጋቢው ጋር ዝምድና አላቸው። የምርቃት ስጦታ ግን ማንኛውም ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ ጋቢ ላይ ሲለጠፍ ቦታ ከመሙላት አያልፍም።

ሦስተኛው፣ በቀላሉ የምናልፈው፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ነው። ይህ ቃል ጨዋ ይመስላል፤ ግን ከሁሉም በላይ ጫና ያለው እሱ ነው። ዋጋው ከተጻፈ አንባቢው አይቶ፣ አቅሙን አስቦ፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ካልተጻፈ ግን መጠየቅ አለበት። ከጠየቀ በኋላ አንድ ሰው «እሺ ወንድሜ፣ ቀለሙን ልላክልህ?» ብሎ ይመልስለታል። አሁን «በዛብኝ» ማለት ሰው ፊት እንደ መናገር ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ይህን ከማለት ገንዘቡን መክፈል ይቀለናል።

ታዲያ ሳያስጨንቁ አጋጣሚን መጠቆም እንዴት ይቻላል? መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ናሙናው ውስጥ ራሱ ተቀብሮ አለ፦ «ለ… የሚሆን»። ይህ አነጋገር ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ገዢው አይናገርም። ጾታ አይመርጥም፣ አያዝም፣ አይወቅስም። «ለአራስ ጥየቃ የሚሆን» ሲባል፣ አራስ ያለው ሰው ያስታውሳል፤ የሌለው ሰው ሳይከፋው ያልፋል። ያንኑ ጋቢ በዚህ መንገድ እንጻፈው፦

«በአራት የተደረበ ጋቢ። ማጉ የእጅ ፈትል፣ ድሩ የፋብሪካ ክር፤ ጥለቱ ጠባብ፣ አረንጓዴ። በመልስ ቀን ለወላጆች፣ ወይም ለፋሲካ ለአያት የሚሆን። 3,800 ብር። አዲስ አበባ ውስጥ በ2 ቀን እናደርሳለን። ለፋሲካ እንዲደርስ እስከ ጸሎተ ሐሙስ ማዘዝ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የታዘዘ ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል። ጥለቱ ካልተወደደ በሌላ ቀለም እንቀይራለን።»

ዋጋው ለምሳሌ የገባ ነው። ልብ የሚባለው ግን ይህ ጽሑፍም ቀነ ገደብ ማስቀመጡ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? «3 ብቻ ቀርቷል» ምክንያት የለውም፤ በሳምንቱም ያው ሦስት ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። «እስከ ሐሙስ» ግን ምክንያቱ ተነግሯል፣ ማድረሱ 2 ቀን ይፈጃል፤ የዘገየ ሰው ምን እንደሚገጥመውም ተጽፏል። እውነተኛ ቀነ ገደብ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈራውም።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ሥራ አለው። ስጦታ የሚገዛ ሰው የሚለብሰው እሱ አይደለም፤ ፍርሃቱ «ባይወዱትስ?» ነው። ቀለም መቀየር እንደሚቻል ሲነገረው ይህ ፍርሃት ይቀንሳል። «ለስላሳ አማርኛ ዕቃ አይሸጥም» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ የቤት ኪራይ ላለበት ሰው ስጋቱ ይገባኛል። ግን የስጦታ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚያመነታው ፍቅር ጎድሎት ሳይሆን መረጃ ጎድሎት ነው። ጩኸት ያንን አይሞላም።

ከውጭ አገር ለሚያዝዙ የሚጻፈው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው ናፍቆቱ ስለሚታወቅ «እናትህ በዓሉን ብቻዋን ናት» ይባላል። ይህ ሰው የሚፈልገው ግን ቀኑን በትክክል ማወቅ ነው። «ለገና ይደርሳል» ሲባል የትኛው ገና? ዙሪያው ገናን የሚያከብረው ብዙ ሰው ዲሴምበር 25 ያከብራል፤ እናቱ ጃንዋሪ 7። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ ታኅሣሥ 29 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ታኅሣሥ 28 ይውላል። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ስለ ናፍቆት ከተጻፈ አንቀጽ ይበልጣል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ለስላሳ መስሎ የሚጫንም አለ፦ «ግዴታ የለም፣ ግን እናቶች አይረሱም።» ትእዛዝ የለበትም፣ የቃለ አጋኖ ምልክትም የለበትም፤ ወቀሳው ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ድምፁን ዝቅ ስላደረገ ይብሳል። ስለዚህ ግሱን ብቻ አይቶ መፍረድ አይበቃም። ጽሑፉን እንደማይገዛ ሰው ሆናችሁ አንብቡት። ገንዘብ የሌለው ሰው ጨርሶት ሲሄድ ስለ ጋቢ አንድ ነገር አውቆ ከሄደ ጽሑፉ ጥሩ ነው። ስለ ራሱ አፍሮ ከሄደ፣ የቱንም ያህል ጨዋ ቃል ቢጠቀም፣ ያው «ባዶ እጅህን አትሂድ» ነው።