ነጠላ ሰረዝ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል፦ የሰዋስው ስሕተት ወይስ የስልት ጉድለት?

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን በተማሪ ድርሰት ላይ ቀይ መስመር ከሚያሰምሩባቸው ነገሮች አንዱ «ኮማ ስፕላይስ» የሚባለው ነው። ይኸውም ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ያለ መስተጻምር በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማያያዝ ማለት ነው። «ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዊ ዌንት ሆም»፣ ማለትም «ዝናቡ አባራ፣ ወደ ቤት ሄድን» የሚለው ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አራሚው ብዙ ጊዜ በኅዳጉ ላይ «ሰዋስው» ብሎ ይጽፋል። ተማሪው ከዚህች አንዲት ቃል የሚረዳው ዓረፍተ ነገር መገንባት አለመቻሉን ስለሆነ ፍርዱ በጥሞና መመርመር ይገባዋል።

የመጀመሪያው ፈተና ጆሮ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነበብ እንግሊዝኛን አፉን የፈታበት ሰው አንዳች እንከን አይሰማበትም። የቃላቱ ቅደም ተከተል ተዛብቶ «ሬይን ዘ ስቶፕድ» ቢባል ግን ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ ስሕተቱን ወዲያው ያውቃል። የሰዋስው ጥሰት በንግግርም በጽሕፈትም ይታያል። በነጠላ ሰረዝ የማጣበቅ ጥፋት ግን ከወረቀቱ ጋር ተወልዶ ከወረቀቱ ጋር የሚቀር ነው። እንግዲህ የተጣሰው የቋንቋው አወቃቀር ሳይሆን የሥርዓተ ነጥብ ስምምነት ነው።

ደንቡን በማስፋፋት ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ያለው፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው የዊልያም ስትራንክ «ዘ ኤለመንትስ ኦቭ ስታይል» የተሰኘው መጽሐፍ በ1918 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። መጽሐፉ ክልከላውን የሚያሰፍረው በ«መሠረታዊ የአጠቃቀም ደንቦች» ሥር ነው። ወረድ ብሎም ዓረፍተ ነገሮቹ በጣም አጫጭርና በቅርጽ ተመሳሳይ ሲሆኑ ነጠላ ሰረዝን ይፈቅዳል። የዚህ መጽሐፍ ድክመት የተፈቀደበትን ምክንያት አለማብራራቱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጡ አራሚዎች ደግሞ ክልከላውን ይዘው ፈቃዱን ረስተዋል። ዓረፍተ ነገር በማጠሩ ብቻ ከሰዋስው ጥሰት ነፃ ሊወጣ አይችልም። ፈቃዱ ራሱ ጉዳዩ የሰዋስው አለመሆኑን ይመሰክራል።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። በጀርመንኛና በሩሲያኛ ጽሕፈት ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ማያያዝ በደንብ የተፈቀደ ነው። በአንዱ አገር ትክክል፣ በሌላው ስሕተት የሆነው ያው ምልክት ነው፤ ልዩነቱ የስምምነት ነው።

ይህ ሲባል ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ ቀላል ነው ማለት አይደለም። «ዘ ጋርድ ሌፍት፣ አት ናይት፣ ዘ ቲፍ ኬም» የሚለውን እንመልከት፤ «ዘበኛው ሄደ፣ በሌሊት፣ ሌባው መጣ» ማለት ነው። በሌሊት የሄደው ዘበኛው ነው ወይስ በሌሊት የመጣው ሌባው? በመጀመሪያው ንባብ ዘበኛው ሥራውን ጥሎ የሄደ ተጠያቂ ይሆናል፤ በሁለተኛው ግን ምናልባት ተረኝነቱን በቀን ጨርሶ የሄደ ሰው ነው። «ሄደ» ከሚለው በኋላ ድርብ ሰረዝ ቢገባ ሌሊቱ የሌባው፣ «በሌሊት» ከሚለው በኋላ ቢገባ የዘበኛው ይሆን ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሁለቱም ንባቦች በሰዋስው ረገድ የተሟሉ መሆናቸው ነው። የጠፋው ምልክቱ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ስላልቻለ ነው።

ትርጉም በማይደናገርበት ቦታ ደግሞ ጥያቄው ወደ ስልት ይሸጋገራል። ቻርልስ ዲከንስ በ1859 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «የሁለት ከተሞች ታሪክ» የተሰኘ ልቦለድ የከፈተው በነጠላ ሰረዝ ብቻ በተያያዙ፣ ቅርጻቸው በተመሳሰለ ረጅም የዓረፍተ ነገሮች ሰንሰለት ነው። እዚያ ምልክቱ ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ትንፋሽ አቅርቦ ያመዛዝናል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ምክንያት ወይም ተቃርኖ በሚሆንበት ጽሑፍ ግን ነጠላ ሰረዝ ዝምድናውን ለአንባቢ ግምት ይተወዋል። በዘገባና በጥናት ጽሑፍ ይህ እውነተኛ ድክመት ነው።

አማርኛ ለዚህ ችግር የራሱ መውጫ አለው። «ዝናቡ አባርቶ ወደ ቤት ሄድን» ሲባል ቦዝ አንቀጹ የድርጊቶቹን ተከታታይነት ራሱ ስለሚገልጽ ሥራው በምልክት ላይ አይወድቅም። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ሙሉ ግሦችን ጎን ለጎን ሲያቆም ዝምድናቸውን የሚናገረው ወይ መስተጻምሩ ወይ ምልክቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ይህን ልዩነት ማወቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ በኅዳጉ ላይ ሊጻፍ የሚገባው «ሰዋስው» ሳይሆን «ሥርዓተ ነጥብ» ነው። ትርጉሙ ለሁለት ከተከፈለ «አሻሚ» ይባል፤ ዝምድናው ከተሰወረ «መስተጻምር ይግባ» ይባል፤ አጫጭርና ተመሳሳይ ከሆኑ ግን ቀዩ እርሳስ ይለፋቸው።