ከአባሪው በስተጀርባ

እጃጂ ውስጥ የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት የሚሰጥ ሰው የከተማው ወረቀት ሁሉ በእጁ ያልፋል። የብድር ማመልከቻ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። ድሮ እንዲህ ያለው ወረቀት በፖስታ ታሽጎ፣ ወደ አምቦ ለሚሄድ ሚኒባስ ሾፌር በአደራ ይሰጥ ነበር። አሁን ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይሄዳል። የማሸጉ ልማድ ግን አብሮ አልተሻገረም።

ደንበኞቼ የሚጠነቀቁት ለደብዳቤው ነው። ቃሉን ያሳምራሉ፣ የማዕረግ ስም ያስተካክላሉ፣ «አንዴ ያንብቡልኝ» ይላሉ። አባሪውን ግን ከፍቶ የሚያይ የለም። በሥራዬ ካየሁት ተነሥቼ ስናገር፣ ምስጢር የሚያፈተልከው ከደብዳቤው ሳይሆን አብሮት ከሚሄደው ነው፤ ከአባሪው ውስጥና ከተላለፈው መልእክት ግርጌ።

አንድ ቀን በአካባቢው ካሉ መሥሪያ ቤቶች የአንዱ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ፍላሽ ይዞ መጣ። ወደ አምቦ የሚላክ ሪፖርት ነው። በየቀበሌው ስንት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ እንዳለ የሚያሳይ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነበር።

«ስም የለበትም?» አልኩት።

«የለም ጋሼ፤ ስሙ ያለበትን ገጽ አጥፍቼዋለሁ። የቀረው ማጠቃለያው ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ገጹ ጠፍቷል። ነገር ግን ማጠቃለያው የተሠራው በፒቮት ቴብል ነበር። ፒቮት ቴብል ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አይዝም። ካልተከለከለ በቀር፣ የተሠራበትን ዝርዝር ሙሉ ቅጂ በፋይሉ ውስጥ ይሸሽጋል። ወጣቱ አጠገቤ ቆሞ ሳለ ከታች በስተቀኝ ያለውን ጠቅላላ ድምር ሁለቴ ተጫንኩት። ኤክሴል አዲስ ገጽ ከፈተና የሕሙማኑን ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ስልክ ከላይ እስከ ታች ደረደረው። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ እስከ ዛሬ የላክሁት ሁሉ…» አለ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

መፍትሔው አጭር ነው። ማጠቃለያውን መርጦ መቅዳት፣ አዲስ ባዶ ፋይል መክፈት፣ ከዚያ Paste Special ውስጥ Values የሚለውን መርጦ መለጠፍ። አዲሱ ፋይል ውስጥ የሚገባው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ሥሩ እዚያው አሮጌው ፋይል ውስጥ ይቀራል። ተቀባዩ ቁጥሩን ማንበብ እንጂ ማስላት ካላስፈለገው ፒዲኤፍ ማድረግ ይበቃል። የማላደርገው አንድ ነገር አለ፤ አሮጌውን ፋይል እየቆረጡ ማጽዳት። የተደበቀ ዓምድ፣ በማጣሪያ የተሰወረ ረድፍ፣ የተሰወረ ገጽ፣ በኅዳግ የተጻፈ አስተያየት፣ አንዱን ሲያጠፉ ሌላው ይረሳል። ባዶ ፋይል ላይ የሚፈለገውን ብቻ ማስገባት፣ ከሞላው ፋይል ላይ የማይፈለገውን ከመልቀም ይሻላል።

ይህ የትንሽ ከተማ ስሕተት እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በኤክሴል ፋይል መልስ ሰጠ። ጥያቄው በየማዕረጉ ስንት ሰው እንዳለ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተሰወረ ገጽ ነበረና የ9,483 ፖሊሶችና ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ የሚሠሩበት ቦታና ክፍል ለሕዝብ ወጣ። በአገሩ ታሪክ ምክንያት ብዙ ፖሊሶች ሥራቸውን ከጎረቤት ሳይቀር ደብቀው የሚኖሩ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ 750,000 ፓውንድ ቀጣው። የተጠየቀው ቁጥር፣ የተላከው ስም፤ የኛው ወጣት ነገር በትልቁ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ Forward የሚለው ቁልፍ ነው። Reply ሲሉ አባሪው እዚያው ይቀራል፤ Forward ሲሉ ግን አባሪውም፣ ከሥሩ የተከማቸው የቆየ ምልልስም አብሮ ይሄዳል። በወረቀት ዘመን የለመድነው የመምራት ሥራ እዚህ ላይ ይጎዳናል። አንዲት ሠራተኛ የዝውውር ጥያቄ ለኃላፊዋ ትጽፋለች እንበል። ምክንያቷ ሕመም ነው፤ የሐኪም ወረቀቷን ታያይዛለች። ኃላፊው «ጉዳዩ ይታይላት» ብሎ ለሰው ሀብት ያስተላልፋል። ሰው ሀብት «ደመወዝ የሚቋረጥበት ቀን ይታወቅ» ብሎ ለፋይናንስ። ፋይናንስ ለአዲሱ መሥሪያ ቤቷ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ የሚያስፈልገው ስሟና የመጨረሻ ደመወዟ የተከፈለበት ቀን ብቻ ነበር። የደረሰው ግን የበሽታዋ ስም ጭምር ነው። በመካከል ካሉት አንድም ሰው በክፋት አላደረገውም፤ እያንዳንዱ አንድ መስመር ጽፎ ቁልፍ ተጫነ።

ስለዚህ ጉዳዩ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲሻገር አዲስ መልእክት እከፍታለሁ። ቀጣዩ ሰው ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ብቻ በራሴ ቃል እጽፋለሁ። ማስተላለፍ ግድ ከሆነ ከመላኬ በፊት እስከ ታች ወርጄ የመጀመሪያውን መልእክት አነባለሁ፤ አሳፋሪው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ግልባጭ ላይም እንደዚሁ ነው። በደብዳቤ ግርጌ ግልባጭ መደርደር ልማዳችን ነው፤ በኢሜይል ግን እያንዳንዱ ግልባጭ መልሶ ማስተላለፍ የሚችል ሌላ እጅ ነው። የተቀባዩን አድራሻ የምጽፈው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጂሜይል በመጀመሪያው ፊደል የቀደመ ሰው እየጠቆመ ያሳስታል፤ ያልተጠናቀቀ መልእክት ደግሞ አድራሻ ከሌለው የትም አይሄድም።

የሚተላለፈው ነገር ወደኛም ይመጣል። ስለዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት አንድ የፍርድ ቤት ታሪክ አለ። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ አሜሪካዊ፣ ለደኅንነቱ ሲባል «ኪዳኔ» በሚል የተለወጠ ስም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። እንደ ክሱ፣ በቤተሰቡ ኮምፒውተር ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ገብቶ ከ2012 ጥቅምት መጨረሻ እስከ 2013 መጋቢት ድረስ የስካይፕ ንግግሩን፣ ኢሜይሉንና ሌላውንም ሲቀዳ ነበር። መግቢያው በኢሜይል የመጣ የወርድ ሰነድ ነው። ክሱ በ2017 በይግባኝ ፍርድ ቤት ወደቀ፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም በሚል የሕግ ምክንያት እንጂ ሰነዱ ንጹሕ ነው ተብሎ አይደለም።

ለኔ ሥራ ዋናው ቁም ነገር አንድ ዝርዝር ነው። ሰነዱ በቀጥታ ለእርሱ አልተላከም፤ ለሌላ ሰው ተልኮ ያ ሰው ነው ያስተላለፈለት። «ከማታውቀው ሰው የመጣ አባሪ አትክፈት» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አያድንም፤ የላከው የምታውቀው ሰው ነውና። ደውለን «አንተ ነህ የላክኸው?» ብንል መልሱ «አዎ» ነው፤ እውነትም ነው። የሚያድነው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «አንተስ ከማን አገኘኸው?» መልሱ «እኔ እንጃ፣ ተልኮልኝ ነው» ከሆነ ፋይሉን አላወርድም። ማየት ካስፈለገኝ ጂሜይል ውስጥ እንዳለ በማሳያው እመለከተዋለሁ፤ ወደ ኮምፒውተሬ አልጎትተውም። ወርድም Enable Content ንካ ሲለኝ አልነካም። እኔም ሳስተላልፍ ሰነዱን ከማን እንዳገኘሁት በአንድ መስመር እጽፋለሁ።

ስም ያለበት ዝርዝር የግድ መላክ ሲኖርበት በቁልፍ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው Protect Sheet የሚለውን በመምረጥ ነው፤ እርሱ ሰው ቁጥር እንዳይቀይር እንጂ እንዳያነብ አይከለክልም። የሚፈለገው File፣ Info፣ Protect Workbook ውስጥ ያለው Encrypt with Password ነው። የይለፍ ቃሉ በዚያው ኢሜይል፣ ወይም «ከላይ ላለው ፋይል» እያለ በሁለተኛ ኢሜይል ከሄደ ቁልፉን በሩ ላይ ማንጠልጠል ነው፤ ሳጥኑን የከፈተ ሁለቱንም ያገኛል። ደውሎ በድምፅ መንገር ነው። መደወሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰውየው አሁንም እዚያ ወንበር ላይ መኖሩ ይረጋገጣል። ብዙ ቢሮ አንድ የጂሜይል አድራሻ ለአራት ሰው ይጠቀማል፤ የተዛወረውም በስልኩ እንደከፈተው ይሄዳል። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ማይክሮሶፍትም አይመልሰውም፤ ዋናው ቅጂ በእጅ ይቅር።

ከነጭራሹ በኢሜይል የማልልከው ደግሞ አለ። የባንክ ሚስጥር ቁጥርና በስልክ የሚመጣው ማረጋገጫ ኮድ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የፋይዳ 12 አሃዝ ቁጥርም ለሚጠይቅ ሁሉ አይበተንም። የተበዳይዋ ስም ያለበት የጥቃት አቤቱታ፣ ምርመራው ያላለቀ የዲሲፕሊን ክስ፣ የሕሙማን ስም ዝርዝር፤ እነዚህን ባለጉዳዩ ራሱ አምቦ ይዞ ቢሄድ እመርጣለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል፤ ስለዚህ «ቸኩዬ ነው» ማለት እንደ ቀድሞው ቀላል ምክንያት አይደለም።

ከሄደስ? ጂሜይል ላይ መላክን መሰረዝ የሚቻለው ቢበዛ ለ30 ሴኮንድ ነው፤ ያውም ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ከ5 ወደ 30 ካሳደጉት። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስልክ ነው። ለተቀባዩ ወዲያው ደውሎ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ከፍተኸዋል? ለሌላ ሰው አስተላልፈሃል? አሁን አጥፍተህ ከTrash ውስጥም ታጠፋልኛለህ? ሲያጠፉት መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው፤ 30 ቀንም ይቆያል። «ይቅርታ፣ እባክዎ አያንብቡት» የሚል ሁለተኛ ኢሜይል ከመጻፍ መቆጠብ ነው፤ ያልተከፈተውን የሚያስከፍት እርሱ ነው። ከዚያ ስሙ ለወጣበት ሰው መንገር ይቀራል፤ ከባዱ ስልክ እርሱ ቢሆንም፣ ከሌላ ከመስማቱ በፊት መደወል ያለበት የላከው ሰው ነው።